«ይህንን እዚህ ጋ» ማለት የት ነው?

ኤክሴልን በአማርኛ የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች በዩቲዩብም በቴሌግራምም ሞልተዋል። ብዙዎቹን የሚያዘጋጁት ሥራውን ጠንቅቀው የሚያውቁ፣ እውቀታቸውንም ሳይሰስቱ የሚያካፍሉ ሰዎች ናቸው። ታዲያ ተማሪው ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው ተመልክቶ የራሱን ፋይል ሲከፍት ለምን ግራ ይጋባል? ጥፋቱን ተማሪው ላይ ከመጫናችን በፊት ቀረጻውን እንመርምር። ክሴ አንድ ነው፤ አብዛኞቹ መምህራን የሚቀርጹት እነሱ የሠሩትን እንጂ ተማሪው ሊሠራው የሚገባውን አይደለም።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። ትምህርቱ ስለ VLOOKUP ነው እንበል። በግራ በኩል የአንድ ሱቅ የዋጋ ዝርዝር አለ፤ A ዓምድ የዕቃው ኮድ፣ B ስሙ፣ C ዋጋው ነው። በቀኝ በኩል E ዓምድ ላይ የዕለቱ ሽያጭ ኮዶች ተደርድረዋል፤ F ላይ ዋጋቸው በራሱ ጊዜ እንዲመጣ ይፈለጋል። F2 ላይ የሚጻፈው ፎርሙላ ይህ ነው፦

```
=VLOOKUP(E2,A2:C200,3,FALSE)
```

በተለመደው ቀረጻ መምህሩ እንዲህ ይላል፦ «እዚህ ጋ እንመጣለን፣ ይህንን እንመርጣለን፣ ከዚያ ይህንን ሁሉ፣ ኮማ፣ ሦስት፣ ፎልስ። አለቀ። ከዚህ በኋላ ወደ ታች መጎተት ብቻ ነው።»

«ይህንን» ያላችሁት የቱን ነው? መምህሩ ማውሱ የት እንዳለ ስለሚያውቅ ቃሉ ለእሱ ሙሉ ነው። ተማሪው ግን ብዙ ጊዜ ቪዲዮውን በስልኩ ከፍቶ ከላፕቶፑ አጠገብ ያቆመዋል፤ ድምፁ ሲናገር ዓይኑ ያለው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ነው። እሱን እጁን ይዞ የሚመራው ጆሮው ነው። ስለዚህ ትረካው ስክሪኑን ሳያዩ ብቻውን ቢደመጥም ሥራውን ማሠራት አለበት። ያው ትምህርት እንዲህ ቢነገርስ? «F2 ሴልን ክሊክ እናደርጋለን። የእኩል ምልክት፣ VLOOKUP፣ ቅንፍ እንከፍታለን። በመጀመሪያ የምንፈልገው ኮድ ያለበትን ሴል፣ E2ን እንመርጣለን፤ ኮማ። ቀጥሎ የዋጋ ዝርዝሩን በሙሉ፣ ከA2 እስከ C200 እንመርጣለን፤ ኮማ። ዋጋው ከመረጥነው ክልል ውስጥ ሦስተኛው ዓምድ ላይ ስለሆነ 3 እንጽፋለን፤ ኮማ። ኮዱ በትክክል አንድ ዓይነት እንዲሆን ስለምንፈልግ FALSE። ቅንፉን ዘግተን Enter እንጫናለን።»

ይህኛው ከፊተኛው ቢረዝም ግማሽ ደቂቃ ነው። በዚያች ግማሽ ደቂቃ ግን ተማሪው 3 ከየት እንደመጣ ያውቃል፤ ነገ ዋጋው አምስተኛው ዓምድ ላይ የሆነ ሠንጠረዥ ቢገጥመው 5 መጻፍ እንዳለበት ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። የአነጋገሩንም ቅደም ተከተል አስተውሉ፤ ቦታው ይቀድማል፣ ስሙ ይከተላል፣ ድርጊቱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። አማርኛ ግሡን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ስለሆነ «እናደርጋለን» የሚለው ቃል ሲያልቅ ክሊክ ማድረግ ነው። ተናግሮ ሳይጨርስ ክሊክ የሚያደርግ መምህር ተማሪውን ከኋላው ጥሎት ሄዷል።

ጣታችሁ የተጫነውን ቁልፍስ ማን አየው? ስክሪን ቀረጻ ኪቦርዱን አያሳይም። መምህሩ Enter ወይም F4 ሲጫን ተማሪው የሚያየው ምክንያቱ ያልታወቀ ለውጥ ብቻ ነው። የተጫናችሁትን ቁልፍ ሁሉ በስሙ ጥሩ፤ የተለየ ፕሮግራም አያስፈልግም፣ አፋችሁ ይበቃል። ድምፁንም ቀድማችሁ ፈትኑት። በኦቢኤስ ስቱዲዮ የምትቀርጹ ከሆነ የድምፅ መለኪያው ስትናገሩ ቢጫው ላይ ይዋል፤ ቀዩን ደጋግሞ ከነካ ድምፁ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ከአረንጓዴው ካልወጣ ደግሞ በስልክ ስፒከር በደንብ ላይሰማ ይችላል። አጭር ሙከራ ቀርጻችሁ ያለ ጆሮ ማዳመጫ በስልክ ብታደምጡት ፍርዱን ወዲያው ታገኙታላችሁ።

ለየትኛው ስክሪን ነው የምትቀርጹት? መምህሩ የሚያየው ሰፊ ስክሪን በ1920 በ1080 ፒክስል የተቀረጸ ነው። ዳታ የሚቆጥብ ተማሪ ግን ቪዲዮውን በ360 ይከፍተዋል፤ ምስሉ 640 በ360 ይሆናል፣ ማለትም በየአቅጣጫው አንድ ሦስተኛ። የኤክሴል ጽሑፍ በተለመደው መጠኑ ሲታይ የአንድ አኃዝ ቁመት ወደ 9 ፒክስል ነው፤ በተማሪው ስልክ ላይ 3 ፒክስል ይቀራል። በ3 ፒክስል 3ን ከ8፣ ኮማን ከነጥብ መለየት አይቻልም። የዚህ ትምህርት ነፍስ ያለው ደግሞ ኮማው ላይ ነው።

ብዙዎች ይህን ሲሰሙ የኤክሴሉን ዙም ከፍ ያደርጋሉ። መልካም ነው፣ ግን ይበቃል? ዙሙ የሚያጎላው ሴሎቹን ብቻ ነው፤ ከላይ ያለው የፎርሙላ መስመርና የሜኑዎቹ ስም እንደነበሩ ይቀራሉ። ሁሉንም የሚያጎላው የዊንዶውስ ቅንብር ነው፤ Settings ውስጥ System፣ ከዚያ Display፣ ከዚያ Scale የሚለውን 150% ማድረግ። በዚህ ላይ የኤክሴሉን ዙም 150% ብትጨምሩ ያ 9 ፒክስል ወደ 20 ይደርሳል፤ በ360 ሲታይም ወደ 7 ፒክስል ይሆናል፣ ይነበባል። ከA እስከ F ያሉት ስድስት ዓምዶች በዚህ መጠን ስክሪኑ ላይ በሚገባ ይበቃሉ። የማይበቃ ሠንጠረዥ ካላችሁ ዓምዶቹን ቀንሱ፤ ለትምህርት የሚቀርብ ፋይል የመሥሪያ ቤት ፋይል መሆን የለበትም።

ማውሱ ለምን ይቅበዘበዛል? ስናስብ እጃችን ማውሱን ያንቀሳቅሰዋል፤ ለተመልካቹ ግን እያንዳንዱ እንቅስቃሴ «እዚህ ተመልከት» ማለት ነው። ኤክሴል ደግሞ ችግሩን ያባብሰዋል፤ በሴሎች ላይ ያለው ጠቋሚ ነጭ መስቀል ነው፣ የሚሄደውም በነጭ ሠንጠረዥ ላይ ነው። ከማይክሮሶፍት በነፃ የሚገኘው ፓወርቶይስ Mouse Highlighter የሚባል መሣሪያ አለው። በተለመደው ቅንብሩ የዊንዶውስ ቁልፍን፣ Shiftንና Hን አንድ ላይ ሲጫኑ ይበራል፤ ክሊክ ያደረጉበትን ቦታ በቀለም ክብ ያሳያል። ቀለሙን ሳሳ ማድረግ ይገባል፤ አለዚያ ሊያሳየው የመጣውን ቁጥር ራሱ ይሸፍነዋል።

ይሁንና ክቡ ብቻውን ምን ያደርጋል? የማያርፍ ማውስ በቀለም ሲደምቅ የባሰ ያደክማል። ሕጉ ቀላል ነው፤ በአንድ ቀጥታ መስመር ሂዱ፣ ቁሙ፣ ተናገሩ፣ ክሊክ አድርጉ፣ ከዚያም ውጤቱ እስኪታይ እጃችሁን ከማውሱ አንሱ። በተለይ ፎርሙላውን ወደ ታች ለመጎተት የF2ን ቀኝ ታችኛ ጥግ ስትይዙ ማረፉ ግዴታ ነው። እዚያች ትንሽ ነጥብ ላይ ነጩ መስቀል ወደ ቀጭን ጥቁር መስቀል ይለወጣል። ተማሪው ይህን ለውጥ ካላየ ፎርሙላውን የሚጎትት እየመሰለው ሴሎቹን ብቻ ይመርጣል፤ ከዚያም «የእኔ ኤክሴል አይሠራም» ይላል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ ስህተቱን ለምን ቆርጣችሁ ጣላችሁት? ከላይ ያለው ፎርሙላ ወደ ታች ሲጎተት E2 ወደ E3 እንደሚለወጥ ሁሉ ክልሉም አብሮ ይወርዳል። F40 ላይ ሲደርስ A2:C200 የነበረው A40:C238 ሆኗል። ስለዚህ ኮዱ በዋጋ ዝርዝሩ አምስተኛ ረድፍ ላይ የሚገኝ ዕቃ F40 ላይ ቢፈለግ #N/A ይመጣል። የሚያታልለው የላይኞቹ ረድፎች አብዛኛውን ጊዜ ትክክል መሆናቸው ነው፤ ተማሪው ሥራው የተሳካ መስሎት ወደ ታች ሳያይ ፋይሉን ይዘጋል። መምህሩም ቀረጻው ላይ ይኸው ሲገጥመው ያቆማል፣ ያስተካክላል፣ የተስተካከለውን ብቻ ያሳየናል። ከሁሉ የሚፈለገው ደቂቃ ተቆርጦ ወጣ። ፋይሉ እስኪከፈት የጠበቅንበትና «ሰብስክራይብ ማድረግ እንዳትረሱ» የተባለበት ደቂቃ ግን በቦታው አለ። ይህ ምርጫ ማንን ይጠቅማል?

ስህተቱ ይታይ። F40 ላይ ደብል ክሊክ ተደርጎ ክልሉ የት እንደወረደ ይነበብ። ከዚያ ወደ F2 ተመልሶ፣ A2:C200 የሚለው ተመርጦ፣ F4 ሲጫን እንዲህ ይሆናል፦

```
=VLOOKUP(E2,$A$2:$C$200,3,FALSE)
```

በአንዳንድ ላፕቶፖች Fn እና F4 አብረው መጫን እንዳለባቸው ካልነገራችሁት ተማሪው እዚህ ላይ ይቆማል። በጀርመን ወይም በጣሊያን ቅንብር የሚሠራ ኮምፒውተር ያለው አበሻም ኮማውን ; በሚለው መተካት አለበት፤ ጀርመንኛ ኤክሴል ላይማ የፎርሙላው ስም ራሱ SVERWEIS ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ያን ሰው ከአንድ ምሽት ልፋት ያድነዋል።

የመጨረሻው ጥያቄ፦ ተማሪው ነገ ተመልሶ ሲመጣ የሚፈልገውን በምን ያገኘዋል? ወደ ትምህርቱ የሚመለሰው ከመጀመሪያው ለማየት ሳይሆን የተያዘበትን ቦታ ለማግኘት ነው። ምዕራፍ የሚከፈለውም ተማሪው በሚያቆምበትና በሚጠይቅበት ቦታ ነው፦

```
0:00 የምንሠራው ሥራ
0:25 ሠንጠረዡ
1:10 ፎርሙላውን መጻፍ
3:40 ስንጎትተው #N/A ለምን ይመጣል?
5:20 በ$ ማስተካከል
6:30 ልምምድ
```

ዩቲዩብ ይህን ከመግለጫው አንብቦ ምዕራፍ የሚያደርገው ዝርዝሩ ከ0:00 ከጀመረ፣ ቢያንስ ሦስት ሰዓቶች በቅደም ተከተል ካሉትና እያንዳንዱ ምዕራፍ ከ10 ሰከንድ ካላነሰ ነው። «ክፍል አንድ፣ ክፍል ሁለት» የሚል አርእስት ግን ለፈላጊ ምንም አይነግርም። አርእስቱ ሥራውን ወይም ስህተቱን በስሙ ይጥራ። በምዕራፎቹ መካከልም «አሁን F2 ላይ ዋጋው መምጣት አለበት፤ ካልመጣ እዚህ ላይ አቁማችሁ ፎርሙላውን ከስክሪኑ ጋር አስተያዩ» ብሎ ሁለት ሦስት ሰከንድ ዝም ማለት ያስፈልጋል። ከማይክራፎን ፊት ዝም ማለት ያስፈራል፤ ለሚሠራ ሰው ግን እጁ የሚደርስበት ጊዜ ነው።

ይህ ሁሉ በነፃ ለሚያስተምር ሰው ይበዛበታል ትሉ ይሆናል። አይበዛም። የምትናገሩትን በአንድ ገጽ መጻፍ፣ ሁለት ቅንብር መለወጥና እጅን ማሳረፍ ነው። ቪዲዮውን ከመልቀቃችሁ በፊት VLOOKUP ሠርቶ ለማያውቅ አንድ ሰው ስጡት፤ በስልኩ፣ በ360፣ የራሱን ኮምፒውተር ከፍቶ ይሥራበት። እናንተ አጠገቡ ተቀመጡ እንጂ አትርዱት። ወደ ኋላ የመለሰበትን ደቂቃ ሁሉ ጻፉና እነዚያን ብቻ ደግማችሁ ቅረጹ።