የፊደል ተራ የአደጋ ተራ አይደለም፦ በፋርማኮሎጂ ትምህርት የማስታወሻ ቃላት ጥቅምና ወሰን

የኦርጋኖፎስፌት መመረዝ ምልክቶችን የተጠየቀ የሕክምና ወይም የፋርማሲ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ መልሱን የሚጀምረው ከታማሚው ሳይሆን ከአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ቃሉ «ስለጅ» ነው፤ አተላ ወይም ዝቃጭ እንደማለት ነው። ስድስቱ ፊደላቱ በተራ የምራቅ መዝረብረብን፣ የእንባ መፍሰስን፣ የሽንት ማምለጥን፣ ተቅማጥን፣ የሆድ ቁርጠትንና ትውከትን ያስታውሳሉ። ከተዘረዘሩት ምልክቶች መካከል ስሕተት የሆነ አንድም የለም። ዳሩ ግን ታማሚውን የሚገድለው ነገር በዝርዝሩ ውስጥ የለም። እንዲህ ዓይነቱ ዘዴ መቼ እንደሚጠቅምና መቼ እንደሚያሳስት ለመለየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል። የኦርጋኖፎስፌት ፀረ ተባዮች፣ ማላታዮንን ጨምሮ፣ በኢትዮጵያ ገበሬ ቤትና በየገበያው የሚገኙ በመሆናቸው ጉዳዩ ከመማሪያ ክፍል የሚያልፍ ነው።

ማንኛውም የማስታወሻ ቃል ለተማሪው ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ ያስይዛል። አንደኛው የነገሮቹ ስም ሲሆን ሁለተኛው ቅደም ተከተላቸው ነው። ስሞቹን ተማሪው ሆን ብሎ ይማራቸዋል፤ ቅደም ተከተሉን ግን ሳያስበው ይወርሰዋል። «ስለጅ» ውስጥ ምራቅ የቀደመው ከእንባ ይልቅ አደገኛ ስለሆነ ወይም ፈጥኖ ስለሚታይ አይደለም፤ ቃሉ በዚያ ፊደል ስለሚጀምር ብቻ ነው። ትውከት የመጨረሻውን ስፍራ የያዘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ተራው ከቃሉ ሆሄያት የመጣ እንጂ ከመርዙ አሠራር የመጣ አይደለም።

የመርዙ አሠራር ግን የራሱ ተራ አለው። ኦርጋኖፎስፌት አሴታይልኮሊንስቴሬዝ የተባለውን ኢንዛይም ያግዳል፤ በዚህም ምክንያት አሴታይልኮሊን ሳይፈርስ ይከማቻል። የተከማቸው አሴታይልኮሊን በሁለት ዓይነት ተቀባዮች ላይ ይሠራል። ሙስካሪኒክ የተባሉት በዕጢዎች፣ በልብ፣ በአየር ቧንቧና በአንጀት ጡንቻ ላይ ይገኛሉ። ኒኮቲኒክ የተባሉት ደግሞ በአጥንት ጡንቻና በነርቭ ጋንግሊያ ላይ ይገኛሉ። «ስለጅ» የመጀመሪያዎቹን ብቻ፣ ያውም ከእነርሱ ውስጥ በዓይን የሚታየውን እርጥበትና የሆድ ሁከት ብቻ መርጦ ያስታውሳል። በአየር ቧንቧ ውስጥ የሚሞላው ፈሳሽ፣ የቧንቧው መጥበብና የልብ ምት መዝገም ከቃሉ ውጭ ቀርተዋል። ታማሚው የሚሞተው ግን በዋናነት መተንፈስ ተስኖት ነው።

ይህ ጉድለት ቀድሞውኑ የታወቀ በመሆኑ «ደምበልስ» የተባለ ሌላ ቃል ተተክቷል። በውስጡ ያለው አንድ ፊደል ሦስቱን ገዳዮች፣ ማለትም የአየር ቧንቧ ፈሳሽን፣ የቧንቧ መጥበብንና የልብ ምት መዝገምን፣ በአንድነት ይሸከማል፤ የዓይን ብሌን መጥበብም ተጨምሮበታል። መሻሻሉ እውነተኛ ነው። ሆኖም ሦስቱ ገዳዮች ከተቅማጥ፣ ከሽንትና ከብሌን ኋላ በአንዲት ፊደል ሥር ታጭቀው ተቀምጠዋል። ለኒኮቲኒክ ምልክቶች ደግሞ የእንግሊዝኛ የሥራ ቀናት መነሻ ፊደላት፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ተመድበዋል። እነርሱም የብሌን መስፋትን፣ የልብ ምት መፍጠንን፣ የጡንቻ መድከምን፣ የደም ግፊት መጨመርንና የጡንቻ መርገብገብን ያስታውሳሉ።

ሁለቱን የያዘ ተማሪ እርስ በርስ የሚቃረኑ ሁለት ዝርዝሮች በእጁ አሉ። አንዱ ብሌን ይጠባል፣ የልብ ምት ይዘገማል ይላል፤ ሌላው ብሌን ይሰፋል፣ የልብ ምት ይፈጥናል ይላል። ሁለቱም በአንድ መርዝ የሚታዩ ናቸው፤ የትኛው እንደሚያይል የሚወሰነው በየትኛው ተቀባይ ላይ ያለው ጫና እንደሚበረታ ነው። የኦክስጅን ማነስም በበኩሉ የልብ ምትን ያፈጥናል። ይህን ፊደላት ሊናገሩት አይችሉም። በዚህ ላይ የሳምንት ቀናት የጊዜ ተራ ናቸው። ዝርዝሩን በእነርሱ ላይ የሰቀለ ሰው የጡንቻ ድካም የሚመጣው ከልብ ምት መፍጠን ቀጥሎ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ ዘዴው ራሱ ያስተማረው ያንን ነውና።

ስሕተቱ ከታማሚ አጠገብ ምን እንደሚመስል ለማየት ለትምህርት የታሰበ አንድ ታማሚ ይወሰድ። አንድ ገበሬ ማላታዮን ሲረጭ ውሎ አመሻሹ ላይ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይመጣል። ብሌኖቹ ጠበዋል፤ ላብ አጥምቆታል፤ ደረቱ ሲደመጥ ፉጨትና የፈሳሽ ድምፅ ይሰማል፤ የባቱ ጡንቻ ይርገበገባል፤ የኦክስጅን መጠኑ 84 በመቶ ነው። የልብ ምቱ ግን በደቂቃ 118 ነው። «ደምበልስ»ን በቃሉ የያዘ ተለማማጅ እዚህ ላይ ይቆማል። ምቱ መዝገም ነበረበት፤ አትሮፒን ደግሞ ምትን የሚያፈጥን መድኃኒት ነው። ስለዚህ ምርመራውንም ሕክምናውንም ይጠራጠራል። የልብ ምት መፍጠን ግን አትሮፒንን የሚከለክል ምክንያት አይደለም። ደረቱ በፈሳሽ ተሞልቷል፤ ኦክስጅንና አትሮፒን ሳይዘገዩ መሰጠት አለባቸው። ልብሱ ወልቆ ቆዳው መታጠብም አለበት።

አትሮፒን በሚሰጥበት ጊዜም የዝርዝሩ ተራ ዳግመኛ ያሳስታል። የተለመደው አካሄድ ለአዋቂ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም በደም ሥር መስጠት፣ በየ5 ደቂቃው ምላሹን ማየትና በቂ ካልሆነ ያለፈውን መጠን በእጥፍ ማሳደግ ነው። በ2 ሚሊ ግራም ከተጀመረ ተከታዮቹ 4፣ 8 እና 16 ይሆናሉ፤ በ15ኛው ደቂቃ ድምሩ 30 ሚሊ ግራም ይደርሳል። አንዱ አምፑል 1 ሚሊ ግራም የሚይዝ ከሆነ ይህ 30 አምፑል ማለት ነው። ሕክምናው ግቡን መምታቱ የሚታወቀው ደረቱ ሲጠራ፣ የልብ ምት በደቂቃ ከ80 ሲያልፍና የላይኛው የደም ግፊት ከ80 ሲበልጥ ነው። ከዚያም ከጠቅላላው መጠን ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው፣ በዚህ ምሳሌ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ግራም፣ በየሰዓቱ በተከታታይ ይንጠባጠባል። ምልክቶቹን እኩል ክብደት ሰጥቶ ያጠና ሰው ግን ምራቁ ስለደረቀ ወይም ብሌኑ ስለሰፋ ብቻ ሊያቆም ይችላል። ደረቱ ገና እርጥብ ሳለ ማቆም በሽተኛውን ለሞት አሳልፎ መስጠት ነው። በተቃራኒው ብሌን እስኪሰፋ እየጠበቀ መድኃኒቱን የሚደራርብ፣ ታማሚውን ወደ መቃዠት፣ ወደ ትኩሳትና ወደ አንጀት ዝምታ ይገፋዋል፤ እነዚህ የአትሮፒን መብዛት ምልክቶች ናቸው።

በፊደል ምትክ ተረክ መፍጠር ችግሩን ያቀላል የሚሉ አሉ። ተማሪዎች በአማርኛ የሚፈጥሯቸው ተረኮች በእርግጥ ከባዕድ ቃል ይልቅ በቀላሉ ይታወሳሉ። አንድ ሰው ሽንኩርት ሲከትፍ አለቀሰ፤ ወጡ ሲሸተው ምራቁ ተዝረበረበ፤ ከበላ በኋላ ሆዱን ቆረጠው፤ በመጨረሻም እየሮጠ ወደ ጓሮ ወጣ፤ ይህን አንዴ የሰማ አይረሳውም። ነገር ግን ተረክ ከፊደል ይልቅ የበረታ የጊዜ ተራ አለው፤ መጀመሪያና መጨረሻ ስላለው የመርዙም ምልክቶች እንዲሁ ተሰልፈው የሚመጡ ያስመስላል። ከዚህም በላይ የተረኩ ጀግና እየሮጠ ይወጣል፤ እውነተኛው ታማሚ ግን ጡንቻው ከድቶት ራሱን ከትራስ ቀና ማድረግ ሊያቅተው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1987 በስሪ ላንካ ሐኪሞች የተገለጸው መካከለኛ ሲንድረም ይህን ይመስላል፤ ከመመረዝ በኋላ ከ24 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ የመጀመሪያው ሁከት ጋብ ካለ በኋላ፣ የአንገት፣ የትከሻና የመተንፈሻ ጡንቻዎች ይዝላሉ። አትሮፒን በኒኮቲኒክ ተቀባይ ላይ ስለማይሠራ ይህን አይመልሰውም፤ የሚያድነው ትንፋሽን መደገፍ ነው። ዝርዝሩን ጨርሶ ዕፎይ ያለ ተረካቢ የሚሳሳተው በዚህ ጊዜ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል የማስታወሻ ዘዴ ከፋርማኮሎጂ ይውጣ ማለት አይደለም። የልብ ምት መዛባት መድኃኒቶችን በአራት የሚከፍለው የቮን ዊሊያምስ አመዳደብ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። አንደኛው ክፍል የሶዲየም መተላለፊያን፣ ሁለተኛው የቤታ ተቀባይን፣ ሦስተኛው የፖታሲየም መተላለፊያን፣ አራተኛው የካልሲየም መተላለፊያን ያግዳል። ሶዲየም አንድ፣ ካልሲየም አራት የሆኑት በስምምነት ነው፤ ተራው የአደጋ ደረጃም ሆነ የሕክምና ቅደም ተከተል አይደለም፤ ከአሠራሩም አስልቶ ማግኘት አይቻልም። እንዲህ ላለው ዝርዝር ፊደልም ሆነ ተረክ ቢታሰር የሚያጣምመው ነገር የለም፤ ተራው ራሱ የዘፈቀደ ነውና። እዚህም ቢሆን ዘዴው ስለ አሚዮዳሮን ዝም ይላል፤ በሦስተኛው ክፍል ቢመደብም የአራቱንም ክፍሎች ጠባይ ያሳያልና።

ልምድ ያላቸው ሐኪሞች የሚያነሱት መከራከሪያ ክብደት አለው። በድንጋጤ ሰዓት አእምሮ ሲጨልም የመጀመሪያውን መነሻ የሚሰጠው አጭር ቃል ነው፤ አሠራርን ከሥሩ ለመተንተን ጊዜ የለም። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን መከራከሪያው የሚደግፈው በአደጋ ተራ የተሰናዳን ዝርዝር ነው። በድንጋጤ ሰዓት የሚታወሰው የመጀመሪያው ነገር ከሆነ፣ መጀመሪያ ሊቀመጥ የሚገባው ምራቅ ሳይሆን ደረት ነው። ከደረት የሚጀምር፣ ወደ ልብ ምትና ደም ግፊት የሚሄድ፣ ከዚያ የአንገት ጡንቻን የሚፈትሽና ብሌንን መጨረሻ ላይ የሚያይ ዝርዝር ፊደሉ ባያምርም ይመረጣል።

ለውጡ ሊጀመር የሚችለው ከፈተና ነው። «የኦርጋኖፎስፌት መመረዝ ስድስት ምልክቶችን ዘርዝር» የሚል ጥያቄ የሚሸልመው ቃሉን የሸመደደውን ነው። የልብ ምቱ 118፣ ብሌኑ የጠበበ፣ ደረቱ እርጥብ የሆነ ታማሚ ቀርቦ «አትሮፒን ይሰጠዋልን? ለምን? መቼስ ይቆማል?» የሚል ጥያቄ ግን ዝርዝሩን ያወቀውን አሠራሩን ከተረዳው ይለያል። ሁለቱም ተማሪዎች «ስለጅ»ን ያውቁት ይሆናል፤ የሚለያዩት ቃሉ ሲያልቅ ምን እንደቀረ በመጠየቃቸው ነው።