«20,000» ስንት ሰዓት ነው? የዕቃን ባሕርይ ወደ ገዢ ጥቅም ስለ መቀየር

በአየር ጤና አካባቢ ያሉ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ብዙዎቹ ዛሬ ሁለት መደርደሪያ አላቸው። አንዱ በመንገድ ዳር የሚታየው የመስታወት መደርደሪያ ነው፤ ሁለተኛው በቴሌግራም ቻናል የሚለጠፈው ፎቶግራፍና ከሥሩ የሚጻፈው መግለጫ ነው። በመጀመሪያው ፊት የቆመ ገዢ ዕቃውን አንሥቶ ያያል፣ ይጠይቃል፣ ይከራከራል። በሁለተኛው ፊት ያለ ገዢ ግን ከመግለጫው በቀር የሚመረምረው ነገር የለውም።

ይህን መግለጫ እንዴት መጻፍ እንደሚገባ የግብይት ትምህርት አንድ የታወቀ ምክር ይሰጣል፦ የዕቃውን ባሕርይ ከመዘርዘር ይልቅ ለገዢው የሚሰጠውን ጥቅም ተናገር። ምክሩን እቀበላለሁ። ሆኖም በአፈጻጸሙ ላይ አንድ ስሕተት ተለምዷል፤ ጥቅም ሲባል ቁጥሩን አውጥቶ በምትኩ የሚያምር ቃል ማስገባት ይመስላል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ጥቅም የሚሰላ ነገር ነው የሚል ነው። ከዕቃው ባሕርይና ከገዢው የአጠቃቀም ሁኔታ ተነሥቶ ያልተሰላ የጥቅም ዐረፍተ ነገር፣ ከደረቁ የባሕርይ ዝርዝር ይልቅ ገዢውን ያሳስታል።

አንድ መግለጫ

ባለፈው ክረምት ለምኖርበት ቤት ፓወር ባንክ ገዛሁ። ዓላማዬ መብራት ሲጠፋ የቤቱ ዋይፋይ እንዳይቋረጥና የመመረቂያ ጽሑፌን ሥራ እንዳላቆም ነበር። መግለጫው እንዲህ ይላል፦ `20000mAh, 22.5W, Type-C, LED display`። ከሥሩም «መብራት ቢጠፋም ኢንተርኔትዎ አይቋረጥም፤ ስልክዎን አራት ጊዜ ይሞላል» የሚል መስመር ተጨምሮበታል። ሻጩ ምክሩን ሰምቷል ማለት ነው፤ ባሕርዩን ከላይ፣ ጥቅሙን ከታች ጽፏል።

ዕቃው በሞተር ሳይክል መጣልኝ፤ በር ላይ አየሁት፣ በቴሌብር ከፈልሁ። ማታ መብራት ሲጠፋ ግን ከራውተሩ ጋር ላገናኘው አልቻልሁም። ራውተሩ የሚፈልገው 12 ቮልት ሲሆን የሚቀበለውም በክብ ቀዳዳ ነው። ፓወር ባንኩ በተለመደው የዩኤስቢ መውጫ የሚሰጠው 5 ቮልት ነው። ቮልቱን ከ5 ወደ 12 ከፍ የሚያደርግ ልዩ ገመድ ያስፈልግ ነበር፤ በካርቶኑ ውስጥ አልነበረም፣ በመግለጫውም አልተጠቀሰም። ገመዱን በማግስቱ ከሌላ ሱቅ ገዛሁት፤ ከዚያ በኋላ ዕቃው በትክክል ሠራ። «ኢንተርኔትዎ አይቋረጥም» የሚለው መስመር ገመዱ ሲኖር እውነት፣ ገመዱ ሳይኖር ሐሰት ነበር ማለት ነው። የጎደለው የጥቅሙ ሁኔታ ነው።

ስሌቱ

ሁለተኛውን ተስፋ፣ ማለትም «አራት ጊዜ ይሞላል» የሚለውን እንመልከት። ሻጩ እንዴት እንደደረሰበት መገመት አያዳግትም፤ ብዙ ስልኮች 5,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ ስላላቸው 20,000ን ለ5,000 አካፍሎ ይሆናል። ስሕተቱ ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ቮልት አለመለካታቸውና በመካከል የሚባክነው ኃይል አለመታሰቡ ነው።

በፓወር ባንኩ ላይ ያለው 20,000 የውስጡ ባትሪ መጠን ነው፤ የዚያ ባትሪ ቮልት 3.7 ነው። ሁለቱ ሲባዙ 74 ዋት ሰዓት ይሆናል። ይህ ኃይል ወደ 5 ቮልት ተቀይሮ ሲወጣ ከፊሉ ወደ ሙቀትነት ይለወጣል። በገዛሁት ዕቃ ጀርባ በትንንሽ ፊደላት የተጻፈው ሁለተኛ ቁጥር ይህን ያሳያል፤ በ5 ቮልት የሚወጣው 12,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው ይላል። ይህም 60 ዋት ሰዓት ነው። ገዢው በእጁ የሚያገኘው ይህንኑ 60 እንጂ 74ቱን አይደለም።

5,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ያለው የስልክ ባትሪ በ3.85 ቮልት ሲሰላ 19 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል። ስልኩም ሲሞላ የሚያባክነው ስላለ፣ አንድ ጊዜ ለመሙላት 22 ዋት ሰዓት ያህል እንመድብ። 60 ለ22 ሲካፈል 2.7 ነው። ትክክለኛው ጥቅም እንግዲህ «ስልክዎን ሁለት ጊዜ ሙሉ በሙሉ፣ ሦስተኛውንም ከግማሽ በላይ ይሞላል» የሚል ይሆናል።

ለራውተሩም ስሌቱ ተመሳሳይ ነው። በራውተሩ መሙያ ላይ 12 ቮልት፣ 1 አምፒር ተጽፏል፤ ከፍተኛው ፍጆታው 12 ዋት ነው ማለት ነው። ቮልት ከፍ የሚያደርገው ገመድ ደግሞ ከሚያልፍበት ኃይል አሥራ ሦስት በመቶ ያህል ያባክናል ብንል፣ ከፓወር ባንኩ የሚወጣው 14 ዋት ገደማ ይሆናል። 60 ለ14 ሲካፈል ከአራት ሰዓት ጥቂት ይበልጣል። ራውተር ሁልጊዜ በከፍተኛው ፍጆታ አይሠራም፤ በ7 ዋት የሚሠራ ከሆነ ያው ፓወር ባንክ ሰባት ሰዓት ተኩል ያህል ያቆየዋል። ሐቀኛ ሻጭ ሊጽፈው የሚገባው የታችኛውን ወሰን ነው፦ ቢያንስ አራት ሰዓት።

ሌላም ወሰን አለ። መብራት ሲጠፋ ገመዱን ከግድግዳ ነቅሎ ወደ ፓወር ባንኩ መቀየር ያስፈልጋል፤ በዚያ መካከል ራውተሩ ጠፍቶ እንደገና ይነሣል። አንዳንድ ፓወር ባንክ እየተሞላ በአንድ ጊዜ ኃይል ሊሰጥ አይችልም፤ የሚችለውም ቢሆን መብራት በጠፋበት ቅጽበት ለአፍታ ሊያቋርጥ ይችላል። ስለዚህ «አይቋረጥም» የሚለው ቃል ለዚህ ዕቃ አይገባም። ያንን ቃል ሊሸከም የሚችለው ለራውተር ተብሎ የሚሠራው፣ በራውተሩና በግድግዳው መካከል ዘወትር ተሰክቶ የሚቀመጠው መጠባበቂያ ባትሪ ነው። በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ላለ ሰው የሁለቱ ልዩነት ትልቅ ነው።

ለምን በመግለጫው ላይ ይወድቃል?

ፊሊፕ ኔልሰን እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት፣ ጥራታቸው ከግዢ በፊት በማየት የሚታወቅ ዕቃዎችንና ጥራታቸው ከተጠቀሙባቸው በኋላ ብቻ የሚታወቅ ዕቃዎችን ለይቷል። ፓወር ባንክ ሁለቱንም ነው። ቀለሙ፣ ክብደቱና የመውጫዎቹ ብዛት በር ላይ በአንድ ደቂቃ ይታያሉ። ስንት ሰዓት እንደሚያቆይ ግን በር ላይ አይታይም፤ ሞተረኛው አራት ሰዓት አይጠብቅም። ዕቃውን አይቶ የመክፈል ልማዳችን ገዢውን የሚጠብቀው በሚታየው ባሕርይ ብቻ ነው። እርሱ ገንዘቡን የሚያወጣበት ጥቅም ያለው ግን በማይታየው በኩል ነው።

ጆናታን ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1982 ያቀረበው ሰንሰለት ደግሞ ገዢ ከዕቃው ባሕርይ ወደ ውጤቱ፣ ከውጤቱም ወደሚያከብረው ነገር እንደሚሻገር ያስረዳል። በእኔ ሁኔታ ባሕርዩ የባትሪው መጠን ነበር፤ ውጤቱ አራት ሰዓት ኢንተርኔት፤ የማከብረው ነገር ሥራዬን በቀጠሮው ማስረከብ። መግለጫ ጸሓፊዎች ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ቀለበት ወደ መጨረሻው ይዘልላሉ። ሊሰላና ሊፈተን የሚችለው ግን መካከለኛው ነው፤ እርሱ ሲዘለል ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

ከዚህ አንድ ቀላል መፈተኛ ይገኛል። የጥቅሙን ዐረፍተ ነገር ከዚህ ዕቃ አውጥተን በጆሮ ማዳመጫ ወይም በምጣድ ሥር እናስቀምጠው። «ሕይወትዎን ያቀልልዎታል» የሚለው ያለ ለውጥ ለሁሉም ይስማማል፤ ስለዚህ ስለ ዕቃው ምንም አልተናገረም። «12 ቮልት ራውተርን ቢያንስ አራት ሰዓት ያቆያል» የሚለው ግን ከዚህ ዕቃ ውጭ ትርጉም የለውም።

የሻጩ ተቃውሞ

ይህን አሳብ በሠፈሬ ለሚገኝ አንድ ሻጭ ሳነሣ የመለሰልኝ ቸል የሚባል አይደለም። «እኔ ሁለት ጊዜ ተኩል ብዬ ብጽፍ፣ ጎረቤቴ ያንኑ ዕቃ አራት ጊዜ ብሎ ይጽፋል፤ ገዢው ወደ እርሱ ይሄዳል» አለኝ። እውነት ነው። ብቻውን ትክክለኛውን የሚጽፍ ሻጭ ለጊዜው ሊጎዳ ይችላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ይሁን እንጂ ሕጉ እያንዳንዱን የቴሌግራም መስመር ይከታተላል ብሎ ማሰብ አይቻልም።

መልሴ ከሁለት ነገሮች ይነሣል። አንደኛ፣ የተጋነነ ጥቅም ዋጋው ቆይቶ ይመጣል፤ ዕቃው ይመለሳል፣ የሞተረኛው ደርሶ መልስ ይከፈላል፣ በቻናሉም ሥር ቅሬታ ይጻፋል። ሁለተኛ፣ ሻጩ ቁጥሩን ከነምክንያቱ ከጻፈው የጎረቤቱን «አራት ጊዜ» ራሱ መግለጫው ያጋልጠዋል። ይህን ለማድረግ ላቦራቶሪ አያስፈልገውም። አንድ ፓወር ባንክ ሞልቶ፣ በሱቁ ራውተር ላይ ሰክቶ፣ የጀመረበትንና የጠፋበትን ሰዓት መመዝገብ ነው። አንድ ቀን ይበቃዋል፤ ውጤቱም ለዚያ ሞዴል ሁሉ ያገለግለዋል።

እኔ ብጽፈው መግለጫው ይህን ይመስላል፦

«መብራት ሲጠፋ 12 ቮልት፣ 1 አምፒር ራውተርዎን ቢያንስ 4 ሰዓት ያቆያል። ለዚህ ከ5 ወደ 12 ቮልት የሚቀይር ገመድ ያስፈልጋል፤ ለብቻው ይሸጣል። ሲቀይሩ ራውተሩ ጠፍቶ ይነሣል። ወይም 5,000 ባትሪ ያለውን ስልክ ሁለት ጊዜ ተኩል ያህል ይሞላል። በተለመደው የ10 ዋት መሙያ ባዶውን ለመሙላት 9 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ ማታ ሰክተው ይደሩ። የባትሪ መጠን 20,000፣ በ5 ቮልት የሚወጣው 12,000 ሚሊአምፒር ሰዓት።»

እዚህ ባሕርዩ አልጠፋም፤ ማመሳከር ለሚፈልግ ገዢ ከመጨረሻው ላይ ይጠብቀዋል። ከፊት የቆመው ጥቅም ግን መጠንና ሁኔታ አለው። መካከለኛው ቀለበት በገዢው ውሳኔ ላይ ያለው ክብደት በአገራችን የገበያ ሁኔታ ሊጠና ይገባዋል። አንዱን ዕቃ በሁለት መግለጫ፣ አንዱን በተጋነነ ሌላውን በተሰላ፣ ለሁለት የገዢ ቡድኖች አቅርቦ ሽያጩን ብቻ ሳይሆን የተመለሰውንም መቁጠር ለአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት የሚበቃ ሥራ ነው። ሽያጩ ብቻ ከተቆጠረ «አራት ጊዜ» ያሸንፍ ይሆናል፤ የተመለሰው ሲቀነስ ማን እንደሚያሸንፍ ግን ገና አልተቆጠረም።