ከሁሉ ቆረጣ በኋላ ለሠራተኛው ስንት ብር ተረፈው?

ለሠራተኞች ቁጠባና ብድር ማኅበራት የብድር ኮሚቴ አባላት፣ እንዲሁም ለየመሥሪያ ቤቱ የሰው ኃይልና የፋይናንስ ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ



ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ የደመወዝ ሒሳብ በመሥራት የምተዳደር ባለሙያ ነኝ። በየወሩ መጨረሻ የፔይሮሉን ዝርዝር ሳዘጋጅ ዓይኔ ቶሎ የሚያርፈው በመጨረሻው ዓምድ ላይ ነው። በዚያ ዓምድ የሚሰፍረው ሁሉም ነገር ተቆርጦ ሠራተኛው እጅ የሚገባው ብር ነው። እናንተ ብድር ስታጸድቁ ግን ይህን ዓምድ አታዩትም። አለማየታችሁ የሰው ቤት እያናጋ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አሠራሩን ታውቁታላችሁ። ተበዳሪው ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ ያጽፋል። ደብዳቤው የቅጥር ዘመኑንና ያልተጣራ የወር ደመወዙን ይገልጻል፣ ብድሩ ተከፍሎ እስኪያልቅ በየወሩ ቆርጠን እንልካለን ይላል፤ ከዚያም ማኅተም ይመታበታል። ኮሚቴው ያንን ደመወዝ ለሦስት ያካፍላል። የወር ክፍያው ከሲሶው ካላለፈ ብድሩ ይጸድቃል። ስለ ግብሩ፣ ስለ ጡረታው፣ ስለ መደበኛ ቁጠባውና ሰውየው ቀድሞ ስለገባባቸው ግዴታዎች የሚጠይቅ የለም።

አንድ የሥራ ባልደረባችን የደረሰበትን በቁጥር ላሳያችሁ። የወር ደመወዙ 12,000 ብር ነው። ከዚህ ላይ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ ማለትም 840 ብር ይቆረጣል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ምጣኔ ደግሞ 2,250 ብር ግብር ይከፍላል። ስለዚህ ገና ማንም ሳያበድረው ደመወዙ 8,910 ብር ሆኗል። ይህ ሰው 100,000 ብር በዓመት 15 በመቶ ወለድ፣ ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ እየታሰበ በ36 ወር ሊከፍል ተበደረ። የወር ክፍያው 3,467 ብር ገደማ መጣ። የ12,000 ሲሶ 4,000 ነውና በኮሚቴው መለኪያ አለፈ።

ነገር ግን ብድር ስለወሰደ መደበኛ ቁጠባው አልቆመም፤ በየወሩ 1,000 ብር መቆረጡ ይቀጥላል። የመሥሪያ ቤቱ ዕድር 100 ብርም አለ። ሲደመር ከብድሩ ጋር 4,567 ብር ሆነ። እጁ የሚገባው 4,343 ብር ነው። የቤት ኪራዩን 3,000 ብር ሲከፍል ለምግብ፣ ለትራንስፖርትና ለልጆቹ ትምህርት ቤት የቀረው 1,343 ብር ነበር። ይህ በሁለተኛው ሳምንት የሚያልቅ ገንዘብ ነው። ከዚያ በኋላ ከጓደኛ መበደር፣ ቀጥሎም የመጀመሪያውን ብድር ለመክፈል ሌላ ብድር መፈለግ ይመጣል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በዚህ ላይ ዝም አላለም። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ከሌለ ከደመወዝ መቁረጥን ይከለክላል። በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ጠቅላላ መጠንም ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ እንደሌለበት ይደነግጋል። ልብ በሉ፣ አዋጁ የሚናገረው ስለ ድምሩ ነው። እናንተ ደግሞ የምትመዝኑት የራሳችሁን ብድር ብቻ ነው። ግብርና ጡረታ በሕግ የሚቆረጡ ናቸውና ወደ ጎን እንተዋቸው ብንል እንኳ፣ የባልደረባችን ብድር፣ ቁጠባና ዕድር ብቻቸውን ከሲሶው በ567 ብር ይበልጣሉ።

«ፈርሞ የለ?» የሚለውን መልስ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አዎ ፈርሟል። የታመመ ወላጅ ያለው፣ ወይም አከራዩ ቤት ልቀቅልኝ ያለው ሰው የሰጡትን ወረቀት ሁሉ ይፈርማል። የፈረመበት ቅጽ ላይ ግን የወር ክፍያው እንጂ ከክፍያው በኋላ የሚተርፈው ብር አልተጻፈም። ያላዩትን ቁጥር ተስማምተውበታል ማለት አይቻልም።

ከዚህ የሚብሰው የዋስ ነገር ነው። በማኅበሮቻችን አብዛኛው ብድር የሚሰጠው በባልደረባ ዋስትና ነው። ተበዳሪው ሥራ ለቆ ሲሄድ ዕዳው ወደ ዋሱ ደመወዝ ይዞራል። ባልደረባችንም ከዓመታት በፊት ለአንድ ሰው ዋስ ሆኖ ነበር። ሰውየው ሥራ ሲለቅ በየወሩ 1,000 ብር ተጨማሪ ይቆረጥበት ጀመር። ኪራዩን ከከፈለ በኋላ የቀረው 343 ብር ነው። ዋስትናው በማኅበሩ መዝገብ ላይ ሰፍሮ ነበር፤ ብድሩ ሲጸድቅ ግን መዝገቡን የገለጠ አልነበረም። እርግጥ ዋስትና ሁሉ ዕዳ ይሆናል ማለት አይደለም። ዕዳ ቢሆን ግን ይህ ሰው ይችለዋል ወይ ብሎ አስቀድሞ ማስላት የኮሚቴው ሥራ ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ይህንኑ ብድር በ48 ወር ብታደርጉት የወር ክፍያው ወደ 2,783 ብር ይወርዳል። በብድሩ ዘመን መደበኛ ቁጠባውን ወደ 500 ብር ዝቅ እንዲያደርግ ብትፈቅዱለት ደግሞ የዋስትናው ዕዳ ሳይጨመር ከዕድሩ ጋር ድምሩ 3,383 ብር ይሆናል፤ ከሲሶው በታች ነው። እጁ የሚገባውም 5,527 ብር ይሆናል። ለዚህ የሚከፍለው ዋጋ አለ፦ ጊዜው ሲረዝም በጠቅላላው ወደ 8,800 ብር ተጨማሪ ወለድ ይወጣዋል። ይህን ነግራችሁት፣ ሁለቱን ስሌት ጎን ለጎን አሳይታችሁት ይምረጥ። አንዳንዱ አጭሩን ጊዜ ይመርጥ ይሆናል፤ ያኔ የብድሩን መጠን መቀነስ እንጂ ሲሶውን ማለፍ አይገባም።

ስሌቱን ስትሠሩ ከአንድ ወር ፔይሮል ብቻ አትነሡ። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ያለበት ወር የሰውን ደመወዝ አሳብጦ ያሳያል፤ ብድሩ የሚቆረጠው ግን ትርፍ ሰዓት በሌለበት ወርም ነው። መነሻችሁ ቋሚው ደመወዝ ይሁን።

የፋይናንስ ኃላፊዎች ሆይ፣ ለእናንተ ለብቻ የምለው አለኝ። ከሠራተኛው የቆረጣችሁትን ብር ለማኅበሩ ሳትልኩ የምታቆዩበት ወር አለ። በሠራተኛው ፔይሮል ላይ ተከፍሏል፤ በማኅበሩ መዝገብ ላይ ግን አልተከፈለም፤ ቅጣቱ የሚታሰበው በእሱ ላይ ነው። ብድሩ ካለቀ በኋላም የማቆሚያ ደብዳቤ አልደረሰንም እየተባለ ቆረጣው የሚቀጥልበት ጊዜ አለ። ሠራተኛው ይህን የሚያውቀው በየወሩ ቆረጣዎቹን አንድ በአንድ የሚዘረዝር የደመወዝ ወረቀት ሲደርሰውና ከማኅበሩ ደብተሩ ጋር ሲያስተያየው ብቻ ነው። ወረቀቱን አትከልክሉት።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። የሰው ኃይል ኃላፊዎች፣ በማረጋገጫ ደብዳቤው ላይ ካልተጣራው ደመወዝ ቀጥሎ አሁን የሚቆረጡትን ሁሉና የተጣራውን ጻፉ። የኮሚቴ አባላት፣ በብድር ማመልከቻው ቅጽ ላይ «ከሁሉም ቆረጣ በኋላ የሚተርፍ» የሚል አንድ መስመር ጨምሩ፤ ሳትሞሉትና ተበዳሪው ሳያነበው አትፈርሙ። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ የሚቀርበው የመጀመሪያው ማመልከቻ በዚህ መንገድ ይታይ።