ፕሮቲኑ የሚሰላው በየትኛው ኪሎ ነው?

ጂም ቤት ውስጥ የሚነገረው ሕግ አጭር ነው፦ ለእያንዳንዱ ኪሎ 2 ግራም ፕሮቲን። ጡንቻ መገንባት ለሚፈልግ ቀጭን ወጣት ብዙም አያሳስትም። ክብደት ልትቀንስ ለመጣች፣ 118 ኪሎ ለምትመዝን ሴት ግን ይኸው ሕግ በቀን 236 ግራም ይሆንባታል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። አሰልጣኙ ሳያውቀው በቀን 39 እንቁላል የሚያክል ብዪ እያላት ነው!

ስህተቱ ስብንም እንደ ጡንቻ መቁጠሩ ነው። ፕሮቲኑን በዋናነት የሚፈልጉት ጡንቻና የውስጥ አካላት ናቸው፤ የተከማቸ ስብ የሚጠይቀው እጅግ ጥቂት ነው። ከዚህች ሴት ክብደት 45 በመቶው ስብ ቢሆን፣ ከስብ ውጭ የሚቀረው 65 ኪሎ ያህል ነው። በ2 ሲባዛ 130 ግራም ይመጣል። ሌላው መንገድ ልትደርስበት ካሰበችው ክብደት መነሳት ነው። ቁመቷ 1 ሜትር ከ65 ከሆነ 75 ኪሎ ምክንያታዊ ግብ ነው፤ በ1.6 ሲባዛ 120 ግራም። ሁለቱ መንገዶች ተቀራራቢ ቦታ ያደርሳሉ።

ለአብዛኛው ሰው ግን የሚሻለው የግብ ክብደቱ ነው። የስብ መጠን የሚናገሩት የቤት ሚዛኖች ውሃ በመጠጣትና ባለመጠጣት እንኳ ውጤታቸው ይለዋወጣል፤ ቁመት ግን አይዋሽም። ደግሞም ክብደቷ በወረደ ቁጥር እንደገና ማስላት አያስፈልጋትም። በጣም ጡንቻማ ለሆነ ሰው ብቻ ከስብ ውጭ ያለውን ክብደት መያዝ ይሻላል።

"ፕሮቲን ቢበዛ ምን ይጎዳል?" የሚል አይጠፋም። 236 ግራም ፕሮቲን ብቻውን 944 ካሎሪ ነው። በቀን 1,500 ካሎሪ ለምትበላ ሴት ለእንጀራው፣ ለአትክልቱና ለዘይቱ የሚተርፈው 556 ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ዕቅድ ሁለት ሳምንት አይዘልቅም። በጾም ወቅትማ ጭራሽ አይሞከርም፦ 100 ግራም የበሰለ ምስር 9 ግራም ገደማ ፕሮቲን ስላለው፣ 236 ግራም ለመሙላት ከ2 ኪሎ ተኩል በላይ ምስር መብላት ሊኖርባት ነው። 120ውም ቢሆን በጾም ቀላል አይደለም፤ ምስሩን፣ ሽሮውን፣ ባቄላውንና አኩሪ አተሩን ማፈራረቅ ይጠይቃል።

የተገላቢጦሹም ስህተት አለ። ግቧን 50 ኪሎ ብላ የጻፈች ሴት የምታገኘው 80 ግራም ነው፤ ምግብ እየቀነሰች ላለች ሴት ያንሳታል፣ ከስቡ ጋር ጡንቻዋም ይሄዳል። ምልክቱ ሚዛን ላይ አይታይም፤ እንዲያውም ሚዛኑ ደስ ያሰኛል። የሚታየው ባለፈው ወር በቀላሉ ታነሳው የነበረው ብረት ሲከብዳት ነው።

የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን በእነዚህ ቁጥሮች አይመራም። የእሱን መጠን የሚወስነው የሚከታተለው ሐኪም ነው።