«አስተያየቱ አዎንታዊ ነው» የሚለን ማሽን ማርቆስን አንብቦ አያውቅም

ሰሞኑን አንድ ፋሽን መጥቷል። ሆቴሉም ባንኩም ዕቃ አድራሹም ደንበኞች በጉግል ማፕ፣ በፌስቡክና በፕሌይ ስቶር የጻፉትን አስተያየት ሰው ቁጭ ብሎ ማንበቡን ትቶ ለፕሮግራም ይሰጠዋል። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን አስተያየት «አዎንታዊ»፣ «አሉታዊ» ወይም «ገለልተኛ» ብሎ ይለያል። ከዚያ በቀለም የተከፋፈለ ክብ ሥዕል ይወጣል፣ ሥዕሉ ስብሰባ ላይ ይቀርባል፣ ሥራ አስኪያጁም አይቶት ይፈርዳል። አንዱ አስተናጋጅ ይመሰገናል፣ ሌላው ይገሠጻል፣ የተበላሸው ቧንቧም «ቅሬታ የለም» ተብሎ ሳይጠገን ይከርማል።

እኔ የምለው አጭር ነው። እኛ በምንጽፈው አጻጻፍ ላይ ይህ ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ ይዋሻል። የሚዋሸውም ሕዝቡ አጻጻፍ ስላላወቀ አይደለም። መሣሪያው ማንበብ የማይችለውን ጽሑፍ እንዳነበበው አድርጎ ስለሚቆጥር ነው።

ነገሩን ወደ ደብረ ማርቆስ እናምጣው። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የዓባይን በረሃ ወርዶ የወጣ መንገደኛ ምሳ ይበላባታል፣ ያድርባታል። ደጋ ስለሆነች ማታ ይበርዳል፤ ስለዚህ አዳሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሙቅ ውኃ ነው። እንዲህ ያለ እንግዳ ጠዋት መኪና ውስጥ ሆኖ ስልኩ ላይ ምን ይጽፋል? የሚከተሉትን ሦስት መስመሮች ለናሙና ያዘጋጀኋቸው እኔ ነኝ፤ አጻጻፋቸውን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

```
room nice gin muk wuha yelem
service good aydelem
migibu betam yitafital
```

ማንኛውም የማርቆስ ልጅ ይህን በሦስት ሰከንድ ያነበዋል። ክፍሉ ጥሩ ነው ግን ሙቅ ውኃ የለም። መስተንግዶው ጥሩ አይደለም። ምግቡ በጣም ይጣፍጣል። ሁለት ቅሬታ፣ አንድ ምስጋና።

አሁን እነዚህኑ ቬደር ለሚባለው መሣሪያ እንስጠው። ቬደር እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ፣ በነጻ የሚገኝና ብዙ ሰው የሚጠቀምበት የስሜት መለኪያ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ሰዎች ነጥብ የሰጧቸው ከ7,000 በላይ የእንግሊዝኛ ቃላትና ምልክቶች ዝርዝር አለው። በዝርዝሩ ውስጥ «ጉድ» 1.9፣ «ናይስ» 1.8 ነጥብ አላቸው። ነጥቦቹን ደምሮ ከአሉታዊ 1 እስከ አዎንታዊ 1 ባለው ሚዛን ላይ ያስቀምጣቸዋል። ውጤቱ ከ0.05 ካላነሰ «አዎንታዊ» ይላል።

የመጀመሪያው መስመር 0.4215 ያገኛል፤ አዎንታዊ። ሁለተኛው 0.4404 ያገኛል፤ ይህም አዎንታዊ። ሦስተኛው፣ ምግቡን ያመሰገነው፣ ልክ 0 ያገኛል፤ «ገለልተኛ»። አያችሁ? ሁለቱ ቅሬታዎች ምስጋና ሆኑ፣ ብቸኛዋ ምስጋና ደግሞ ጠፋች። ይህን «ትንሽ ስህተት አለበት» ብለን አናልፈውም፤ ሁሉም ነገር ተገልብጧል።

ለምን ተገለበጠ? ምክንያቱ በሰዋስዋችን ውስጥ ነው። እንግሊዝኛ አፍራሹን ቃል ከቅጽሉ በፊት ያስቀምጣል። ቬደርም ይህን ያውቃል፤ ስሜት ያለው ቃል ሲያገኝ ከፊቱ ያሉትን ሦስት ቃላት ይመረምራል። ያ እንግዳ በንጹህ እንግሊዝኛ service not good ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ውጤቱ ከዜሮ በታች ወርዶ -0.3412 ይሆን ነበር። አማርኛ ግን ማፍረሻውን መጨረሻ ላይ ያመጣዋል፦ ጥሩ አይደለም፣ ውኃ የለም። እንግሊዝኛውን ቃል ተውሰን ስንጽፍም ዐረፍተ ነገሩ የአማርኛ ሆኖ ይቀራል። መሣሪያው ወደ ግራ ሲያይ መልሱ በስተቀኝ ተቀምጧል። ቢያየውም ደግሞ aydelem የሚለው ቃል በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

የመጀመሪያው መስመር ላይ ሌላም ጉድ አለ። ቬደር የእንግሊዝኛውን «በት» ሲያይ ከእሱ በፊት ያለውን ነጥብ ቀንሶ ከኋላ ያለውን ያከብዳል፤ ሰው ዋናውን ነገር የሚናገረው ከ«ግን» በኋላ መሆኑን ያውቃልና። የእኛ «ግን» በላቲን ሲጻፍ ግን gin ሆነ። በእንግሊዝኛ ይህ የመጠጥ ስም ነው። እንዲሁም bet ቤት መሆኑ ቀርቶ ውርርድ፣ sew ሰው መሆኑ ቀርቶ መስፋት፣ new ነው መሆኑ ቀርቶ አዲስ፣ ale አለ መሆኑ ቀርቶ ቢራ ይሆናል። ቋንቋ ለዪ ፕሮግራሞች አጭር አስተያየት ሲያጋጥማቸው «ይህ እንግሊዝኛ ነው» ብለው የሚሳሳቱት በእንዲህ ያሉ ቃላት ጭምር ነው።

«እሺ፣ የእንግሊዝኛ መሣሪያ ስለሆነ ነው፤ ለአማርኛ በተሠራው እንጠቀም» የሚል ይኖራል። እንሞክረው። ለአማርኛ የሚሠሩ ብዙ ሰዎች ጽሑፉን ለማሽን ከመስጠታቸው በፊት «ያጸዱታል»። ማጽጃው ብዙ ጊዜ ይህችን የመሰለች አንዲት መስመር ናት፦

```
re.sub(r"[^\u1200-\u137F ]", "", text)
```

ትርጉሟ «የግዕዝ ፊደል ያልሆነውን ሁሉ አጥፋ» ነው። አንዱ «ምግቡ ቆንጆ ነው but service worst» ብሎ ጻፈ እንበል። ከጽዳቱ በኋላ የቀረው «ምግቡ ቆንጆ ነው» ብቻ ነው። ቅሬታው እንደ ቆሻሻ ተጠርጎ ወጣ። ሙሉ በሙሉ በላቲን የተጻፉት የማርቆስ ሦስት መስመሮች ደግሞ ከነጭራሹ ባዶ ይሆናሉ። ደንበኛው ተናገረ፣ መዝጋቢው አፉን ዘጋው፣ ሪፖርቱም «ሰላም ነው» አለ።

በምሳሌ የሚማሩት ትልልቆቹ ሞዴሎችስ? እነሱም የሚያውቁት ያዩትን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ ጥሩ ሥራ አለ፤ 9,400 ያህል የአማርኛ ትዊቶች፣ እያንዳንዳቸው በሦስት ሰዎች፣ በቴሌግራም ቦት አማካይነት ስሜታቸው ተለይቷል። ትልቅ ድካም ነው፣ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ትዊቶቹ የተለቀሙት በፊደል ከተጻፉት ነው፤ በእነሱ የሰለጠነ ማሽን yitafital የሚለውን የት ያውቀዋል? ኤክስኤልኤም-አር የተባለው የ100 ቋንቋዎች ሞዴል ሲሰለጥን አማርኛ ተካቶ ነበር፣ በግዕዝ ፊደል። ሂንዲ፣ ኡርዱ፣ ቤንጋሊ፣ ታሚልና ቴሉጉ ግን በራሳቸው ፊደልም በላቲን የተጻፉትም ገብተውላቸዋል። በዚያው በ2020 ሂንዲና እንግሊዝኛ የተቀላቀለባቸውን ትዊቶች ስሜት ለመለየት ዓለም አቀፍ ውድድር ተካሂዷል። ሕንዶቹ «ሕዝባችን በትክክል እስኪጽፍ እንጠብቅ» አላሉም። ሕዝቡ የሚጽፈውን ሰበሰቡ።

ወደ ሁለተኛው ተከራካሪ ልሂድ። እሱ «ጥፋቱ የጸሐፊው ነው፤ ፊደል እያለን በላቲን መጻፍ ውርደት ነው» የሚለው ነው። ፊደሌን እወዳለሁ፤ በከፊልም እውነት አለው። ላቲን ጠ እና ተን አይለይም። astenagaju meta የሚለው አስተናጋጁ «መጣ» ነው ወይስ «መታ»? አንዱ መስተንግዶ ነው፣ ሌላው የፖሊስ ጉዳይ። ፊደል ይህን በአንድ ሆሄ ይፈታዋል። በላቲን ደግሞ ወጥ አጻጻፍ የለም፤ «አይደለም» የሚለው አንድ ቃል aydelem፣ ayidelem፣ aydelm፣ adelem እየሆነ ይመጣል። ለሰው አንድ ነው፣ ለማሽን አራት።

ነገር ግን ላቲኑ ከየት መጣ? የድሮዎቹ ስልኮች ፊደል አልነበራቸውም። በኋላ ሲመጣም አንድ አጭር መልእክት በላቲን 160 ምልክት ሲይዝ በፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ያው ሐሳብ በፊደል ሲላክ ሁለት መልእክት ሊሆንና ሊያስከፍል ይችላል። ሕዝቡ በሳንቲም አስልቶ የለመደው አጻጻፍ ነው። ደግሞም ሁሉም ነገ በፊደል ቢጽፍ ችግሩ አያልቅም። «ሰርቪሱ ስሎው ነው» በንጹህ ፊደል የተጻፈ ነው፤ «ስሎው» ግን በአማርኛውም በእንግሊዝኛውም ዝርዝር ውስጥ የለም።

«እንግዲያው aydelem እና yelem ካሉ ገልብጥ የሚል ሕግ እንጨምር» የሚል መሐንዲስም አለ። ይጨመር፣ ብዙ ይረዳል። ግን ለብቻው አይበቃም። «ምግቡ አይጠገብም» እና «እንከን የለውም» በማፍረሻ የተጻፉ ምስጋናዎች ናቸው። «ወጡ ላይ zimb ale 😂» ደግሞ ቅሬታ ነው፤ ቬደር ግን ያንን ፊት በእንግሊዝኛ ስሙ «የደስታ እንባ ያለው» ብሎ ስለሚያነበው ዝንቡን ደስታ ያደርገዋል። እዚህ ላይ ያለ ሰው ምልክት የተማረ መሣሪያ አይኖርም።

ስለዚህ ሪፖርት የሚቀርብላችሁ ኃላፊዎች ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ «ገለልተኛ» ከተባለው ውስጥ ስንቱ ልክ ዜሮ ነው? በቃል ዝርዝር በሚሠራ መሣሪያ ዜሮ ማለት በአብዛኛው «ሐሳብ የለውም» ማለት አይደለም፣ «አላነበብኩትም» ማለት ነው። ያ ክምር ትልቅ ከሆነ ሥዕሉን አትመኑት። ሁለተኛ፣ አስተያየቶቹ በፊደል፣ በላቲንና በቅይጥ ተለይተው ውጤቱ ለየብቻ ይቅረብ። በፊደል ጎበዝ የሆነ መሣሪያ በቅይጡ ላይ ሲወድቅ በአጠቃላይ አማካዩ ውስጥ ይደበቃል። ሦስተኛ፣ 200 አስተያየት ወስዳችሁ ሁለት የአካባቢውን ሰዎች ሳይመካከሩ እንዲለዩት አድርጉ። ሁለቱ የተስማሙበትን ከማሽኑ ጋር አስተያዩ። የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ለአንድ የማርቆስ ሆቴል ደግሞ ከዚህም ይቀላል። ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ክልል አንዲት አስተያየት ራሷ ውድ ናት። ሃምሳ አስተያየት ያለው ባለቤት ማሽን አያስፈልገውም፤ ቡናው እስኪፈላ አንብቦ ይጨርሳቸዋል።

ማሽኑ «አላውቀውም» ማለት እስኪማር ድረስ አፍ አውጥቶ «ሙቅ ውኃ የለም» ያለውን እንግዳ «ደስተኛ ደንበኛ» ብሎ መቁጠር ሐሰት ነው፤ በመቶኛ ተሰልቶ ቢቀርብም ሐሰት ነው።

የተለየ ሐሳብ ያላችሁ ከታች ጻፉ። በፊደልም በላቲንም ይሁን፣ እዚህ የሚያነበው ሰው ነው።