አያቷን ሦስት ዓመት አስታማለች

ላሊበላ ውስጥ ጣልያንኛ የሚሞካክር ሰው ድሮም አይጠፋም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጨረሻ ሳንድሮ አንጀሊኒ የተባለው ጣልያናዊ አርክቴክት ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያድስ አብረውት የሠሩ ነበሩ፤ ከዚያም ወዲህ አስጎብኚዎችና የሆቴል ሠራተኞች ከጎብኚው አፍ እየለቀሙ ተማሩት። በ2012 ኮሮና፣ በ2013 ክረምት ደግሞ ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ ሲደርስ ጎብኚው ቀረ፤ በሆቴል ደመወዝ ቤተሰብ ያስተዳድሩ የነበሩ ሴቶች እጃቸውን አጣጥፈው ቀሩ። አሁን አንዳንዶቹ ያቺን ቁራሽ ጣልያንኛ ይዘው ጣልያን አገር አረጋዊ ቤት አዳሪ ተንከባካቢ ለመሆን ደብዳቤ ይጽፋሉ። ጣልያኖቹ ይህን ሥራ የሚሠራውን «ባዳንቴ» ይሉታል። ከሕዝባቸው ከአራቱ አንዱ ገደማ 65 ዓመት የሞላው በመሆኑ ፈላጊው ብዙ ነው።

በቅርቡ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፍ የነበረች አንዲት የላስታ ልጅ ረቂቋን እንዳይላት አመጣችልኝ። ከገጹ ሦስት አራተኛው ስለ አባቷ ሞት፣ ስለ ታናናሾቿና ሥራ ስለ መጥፋቱ ነበር። መጨረሻው ላይ «አረጋውያን መንከባከብ እወዳለሁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው። እኛ አገር ለባለሥልጣን ማመልከቻ የሚጻፈው እንዲህ ስለሆነ አልፈረድኩባትም። ነገር ግን ያንን ደብዳቤ የምታነበው አብዛኛውን ጊዜ የአሮጊቷ ልጅ ናት፤ ራሷ ሥራ የምትውል፣ እናቷ ብቻዋን ከአልጋ መውረድ ያቃታት የሃምሳ ወይም የስድሳ ዓመት ሴት። እሷ የምትፈልገው እናቴን ማንሳት ትችያለሽ ወይ? ትን ቢላት ምን ታደርጊያለሽ? አመመኝ ስትልሽ ትረጃታለሽ ወይ? ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ ነው።

«አረጋዊ ተንከባክበሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«አይ ጋሼ፣ በዚህ ሥራ ተቀጥሬ አላውቅም። አያቴን ነው ቤት ያስታመምኩት።»

ያስታመመችው ሦስት ዓመት ነው። አያቷን ደም ግፊት መትቷቸው ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ ነበር። እንዴት እንደምታነሳቸው ጠየቅኳት። መጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጣ ማዞሩ እስኪለቃቸው ትጠብቃለች፤ ወንበሩን በደህናው ጎን በኩል ታቀርባለች፤ የደከመው ጉልበት እንዳይከዳቸው በራሷ ጉልበት ደግፋ ታዞራቸዋለች። በሰለለው ክንድ ጎትታቸው አታውቅም፤ ትከሻው ይወልቃል። ማታ በየሁለት ሰዓቱ ታገላብጣቸዋለች፣ ከሥራቸው አጎዛ ታነጥፋለች። ስታበላ ቀጥ አድርጋ አስቀምጣ ነው፤ ከበሉም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አታስተኛቸውም። በደከመው ጉንጭ በኩል የቀረ ጉርሻ እንዳለ ታያለች፤ ውኃ ጠጥተው ድምፃቸው እርጥብ እርጥብ ካለ ወደ ሳንባ እየገባ መሆኑን አውቃ ታቆማለች። አብዛኛውን ያሳየቻት የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ የቀረውን ራሷ ደርሳበታለች።

አንድ ነገር ብቻ ጨመርኩላት። የአያቷ ቆዳ ጠይም ስለሆነ ቁስል ከመምጣቱ በፊት በእጇ ነበር የምታውቀው፤ ቦታው ይሞቃል፣ ይጠጥራል። የጣልያኗ አሮጊት ቆዳ ግን ነጭ ነው። ተረከዝ፣ ዳሌና የጀርባ ታችኛው አጥንት ላይ መቅላት ይታያል፤ በጣት ተጭነው ሲለቁት ቅላቱ ካልጠፋ ቁስሉ ጀምሯል ማለት ነው፤ ያኔ በዚያ ጎን ማስተኛት አይገባም፣ ለቤተሰቡም ወዲያው መንገር ነው።

አዲሱ ደብዳቤ የሚጀምረው እንግዲህ ከዚህ ነው። «ጀንቲሌ ፋሚሊያ» ብሎ በአክብሮት ሰላምታ ካቀረበ በኋላ ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው፣ ምን ዓይነት ሕመም ያለባቸውን ሰው፣ በቀን ምን ምን እያደረገች እንደተንከባከበች በአምስት ስድስት መስመር ይናገራል። ቀጥሎ የሆቴሉ ሥራ፣ ከዚያ የቋንቋዋ ልክ። «ጣልያንኛ በደንብ እችላለሁ» የሚለውን አስወጣሁት፤ በመጀመሪያው የስልክ ጥሪ ይታወቃልና። የምትረዳውንና ገና የምትማረውን ለይታ መጻፉ ያስከብራታል። ስለ ጾምም እንድትጽፍ መከርኳት፤ እሷ ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምንም ትጾማለች፤ ለአረጋዊቷ ግን ሥጋውንም ወተቱንም ታበስላለች። አንድ ማዕድ የሚቀርብ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ከኋላ ቅሬታ ያድናል።

እኔ ከሁሉ በላይ የምሟገትለት ነጥብ ደግሞ ይኸው ነው፦ ይህ ደብዳቤ ስለ ደመወዝ የሚደረግ ንግግር መጀመሪያ ነው። የጣልያን የቤት ሠራተኞች የኅብረት ስምምነት ራሱን የሚችል አረጋዊ መንከባከብንና ራሱን የማይችል መንከባከብን በተለያየ ደረጃ ይከፍላል። የመጀመሪያው «ቢ ሱፐር»፣ ሁለተኛው «ሲ ሱፐር» ይባላል፤ በመካከላቸው በወር ከመቶ ዩሮ በላይ ልዩነት አለ። የሲ ሱፐር አዳሪ ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከምግብና ከመኝታ ሌላ ከ1,100 ዩሮ ይበልጣል። «አረጋውያን መንከባከብ እወዳለሁ» ብላ የምትጽፍ ልጅ በቢ ሱፐር ተመዝግባ አልጋ የያዘች ሴት ስታነሳ ልትከርም ትችላለች። «ራሷን የማትችል ሰው ሦስት ዓመት ተንከባክቤያለሁ» ያለች ግን ቤተሰቡ ስለ ደረጃው እንዲነጋገር ታደርጋለች።

አዳሪ ሠራተኛ በሳምንት ከ54 ሰዓት፣ በቀን ከአሥር ሰዓት በላይ እንድትሠራ ስምምነቱ አይፈቅድም፤ በቀን በተከታታይ አሥራ አንድ ሰዓት ዕረፍት፣ በሳምንት ደግሞ 36 ሰዓት ዕረፍት አላት፤ ከዚህ ውስጥ እሑድ ሙሉ ቀን ነው። ቤት ውስጥ ስላደረች ሌሊቱም የሥራ ሰዓት ነው ማለት አይደለም። ችግሩ የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው፤ አሮጊቷ ሌሊት አራት ጊዜ ብትጠራት የሚጎድለው ያ ዕረፍት ነው። የሌሊት ጥበቃ ራሱን የቻለ ውልና ክፍያ አለው። ስለዚህ በመጀመሪያው ንግግር ላይ «እናታችሁ ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሣሉ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። እንደ ቤተሰብ ተቀብለውኝ ሰዓት እንዴት እቆጥራለሁ የምትል ልጅ ታጋጥመኛለች፤ ይሉኝታዋ የእኛው ነው፣ የሚጎዳው ጎን ግን የእሷ ነው።

ደብዳቤው ያማረ ቢሆንም ብቻውን ቪዛ አያመጣም። ጣልያን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2023 እስከ 2025 ላሉት ዓመታት ባወጣችው የኮታ ድንጋጌ ኢትዮጵያ ሠራተኛ ከሚመጣባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ነበረች፤ ለቤተሰብ እንክብካቤም በዓመት 9,500 ቦታ ተመድቦ ነበር፤ እሱ ግን ለሁሉም አገር የሚከፋፈል ነበር። ማመልከቻውን የሚያስገባው አሠሪው ቤተሰብ ነው፤ እዚያው ጣልያን፣ መንግሥት በሚወስነው ቀን። ፈቃዱ፣ «ኑላ ኦስታ» የሚሉት፣ ሲወጣ ሠራተኛዋ አዲስ አበባ ባለው የጣልያን ኤምባሲ ቪዛ ትጠይቃለች፤ በገባች በተወሰኑ ቀናት ውስጥም የመኖሪያ ውሏን መፈረም አለባት። «ፈቃዱ ወጥቷል፣ ቀሪውን ብር ላኪ» የሚል ደላላ ሲመጣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን የአሠሪ ስም ይዛ በራሷ ስልክ ትደውል፤ የእናቱን ሕመም ሊነግራት ካልቻለ አሠሪ የለም ማለት ነው። በጉብኝት ቪዛ ግቢና እዚያ ይስተካከላል የሚላትንም አትስማ፤ እንዲህ የገባች ሴት ያለ ውል ነው የምትሠራው፣ 54ቱም ሰዓት እሑዱም አይከበርላትም።

ደብዳቤውን ስንጨርስ የፓስፖርቷን ቅጂ አብራ ልትልክ አሰበች። ለማታውቀው ሰው አይላክም፤ ቤተሰቡ ማመልከቻ ሊያስገባ ሲል ይጠይቃታል፣ ያኔ ትሰጣለች። ለጊዜው ስልኳን፣ ከየትኛው ወር ጀምሮ መምጣት እንደምትችልና የነርሷን ምስክርነት አያያዘች።