ጣቱን በግንባሩ ጎን ያሳረፈው ሰው

ከዓለም ከተማ አንዲት እናት በላኩልን ደብዳቤ ከታናሽ ልጃቸው ጋራ ስለ ገቡበት ቅያሜ ገልጸውልናል። ነገሩም እንዲህ ነው። እናቲቱ ለክርስትና ድግስ መዋጮ እንዲላክላቸው በቤተ ዘመዱ የቴሌግራም ግሩፕ ቢጽፉ፣ በአዲስ አበባ የሚኖረው ልጅ በቃል መመለስን ትቶ አንድ ሥዕል ሰደደ። በሥዕሉ ላይ አንድ ጥቁር ወጣት ፈገግ ብሎ ጣቱን በግንባሩ ጎን አሳርፎ ይታያል። እናቲቱም «ናላሽ ዞሯል አለኝ» በማለት እጅግ አዝነው፣ ልጁ ለበዓል የጀማን ሸለቆ ተሻግሮ ወደ ቤታቸው እንዳይመጣ አስታወቁት።

እኛም ሥዕሉን አስልከን ጉግል ሌንስ በተባለው የሥዕል መፈለጊያ ምንጩን መረመርን። ሰውየው ካዮዴ ኤዉሚ የሚባል የእንግሊዝ አገር ተዋናይ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ቢቢሲ ባሳየው «ሁድ ዶክዩመንታሪ» በተባለ አስቂኝ ፊልም፣ ሮል ሴፍ የሚባለውን ሰው ሆኖ ይጫወታል። ይህም ሮል ሴፍ ብልሃቱ ለራሱ ብቻ የሚታየው ሰው ነው። ጣቱን ያነሣውም አንዲት ሴት ባለ አእምሮ መሆኗን ሲያመሰግን ነው እንጂ ማንንም እብድ ሲል አይደለም።

በ2017 መጀመሪያ ላይ ሰዎች ያንን አንድ ቅጽበት ከፊልሙ ቈርጠው ቃል ይጨምሩበት ጀመር። ቃሉ ዘወትር አንድ ዐይነት አሠራር አለው፤ «የባንክ ሒሳብህን ካላየህ ገንዘብህ አያልቅም» እንደ ማለት ነው። ምክሩ ብልሃት መስሎ ይጀምርና ሞኝነት ሆኖ ያልቃል። ስለዚህም የሚሳቀው በተቀባዩ ላይ ሳይሆን በራሱ በላኪው ላይ ነው።

የልጁን ሥዕል አጉልተን ብናይ ከግርጌው በደቃቅ ፊደል «ግሩፑን ካልከፈትኩ መዋጮ አልተጠየቅኩም» የሚል ተጽፎ ተገኘ። እናቲቱ ያለ መነጽር ስላዩት ጽሑፉን አላስተዋሉትም።

ሆኖም ስሕተቱ የእናቲቱ ብቻ ነው ለማለት አንደፍርም። ይኸው ሥዕል ጽሑፉ ተቈርጦ ባዶውን ሲላክ፣ ይልቁንም በሌላ ሰው ንግግር ላይ መልስ ሆኖ ሲለጠፍ፣ «እስቲ ጥቂት አስብ» የሚል ሽሙጥ ይሆናል። በአገራችንም ጣትን በግንባር ጎን ማዞር እብድ ማለት መሆኑን ሕፃን ያውቃል፤ በሥዕል ላይ ደግሞ ጣቱ ይዙር ወይም ይረፍ አይለይም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሥዕል የደረሰው ሰው አስቀድሞ ጽሑፍ እንዳለበት፣ ከዚያም ከበላዩ የማን ቃል ተጠቅሶ እንደ ታየ ይመልከት። የላኪው የራሱ ሰበብ ከሆነ ቀልድ ነው፤ የተቀባዩ ቃል ከሆነ ግን መጠየቅ ይገባል።

ይህንን ሁሉ ለእናቲቱ ጽፈን ላክን። እርሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው ካነበቡ በኋላ፣ «ለበዓሉስ ይምጣ፤ ታዲያ ገንዘቡ የታለ?» ሲሉ መልሰውልናል።